«ታመዋል» ስንት ሰው ነው

የሰሜኑ ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ ሐርጌሳ ውስጥ የእርዳታ ስንዴ በሚያጓጉዝ ድርጅት ተርጓሚ ነበርኩ። ስንዴው ከበርበራ ወደብ ይነሳል፣ በሐርጌሳ በኩል ወደ ድንበር ከተማዋ ውጫሌ ይወጣል፣ ከዚያ ድንበሩን ተሻግሮ ኢትዮጵያ ይገባል። ሹፌሮቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በየቆሙበት ቦታ አጭር መልእክት በአማርኛ ይልካሉ፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ፤ እንግሊዝኛው ለሥራ አስኪያጁ ይደርሳል። ሥራዬ ይኸው ነበር። «ደርሰናል።» «ቆመናል።» «ፈትሸው ለቀቁን።» ከዚህ የማይረዝሙ ዓረፍተ ነገሮች። ቀላል ሥራ ነው የሚል ካለ መጥቶ ይሞክረው።

የተወለድኩት ሐርጌሳ ነው፤ ያደግኩት ግን ድሬዳዋ ነው። ወላጆቼ ሐርጌሳ በተደበደበችበት በቀድሞው ጦርነት ሸሽተው ወደዚያ ሲሄዱ በጀርባ የታዘልኩ ሕፃን ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት፣ የተጣላሁት፣ የታረቅኩት በአማርኛ ነው። ተመልሰን መሐመድ ሞጌ ሰፈር ቤት ስንሠራ ጎረቤቶቼ «ሐበሻዋ» አሉኝ። አልከፋኝም፤ እንጀራዬ የወጣው ከዚያው ነው።

ሥራ አስኪያጁ ከአውሮፓ የመጣ ሰው ነበር። እንግሊዝኛ «አንተ»ንም «እርስዎ»ንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ፣ ንግግሩን በአማርኛ ስጽፍ አንቱታውን መስጠትም መንፈግም የእኔ ፈንታ ነው። ነፍጌዋለሁ። ይህ ሰው በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጦርነት ያይ ነበር። ሹፌሮቹ የሚያልፉበት መንገድ ከውጊያው ሩቅ ነው፤ እሱ ግን «ጎማ ፈነዳ» ሲባል ቦምብ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ካርታ በቀይና በሰማያዊ መርፌ ወጋግቶታል። ከአንዱ መርፌ እንኳ ደርሶ አያውቅም።

ከእሱ ሥር አንድ አራሚ ነበር። አራሚ ያልኩት የወረቀት ማዕረጉ «ኤዲተር» ስለሚል ነው። የሐርጌሳ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ኮሌጅ ተምሯል፤ እንግሊዝኛው እንደ ውኃ ይፈሳል። አማርኛው የታክሲና የካፌ አማርኛ ነው፤ ሂሳብ ለመጠየቅ ይበቃል። ሥራው የእኔን እንግሊዝኛ ማሳመር ነበር። በሚቲንግ ላይ እግሩን አነባብሮ የሚደጋግማት አንዲት ነገር ነበረችው፤

«አማርኛ ባለቤት የለውም። ባለቤቱን የምንሰጠው እኛ ነን።»

ሥራ አስኪያጁ ይህን በማስታወሻ ጻፈው። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር።

አማርኛ ባለቤት የሌለው ቋንቋ አይደለም። ባለቤቱ ግሱ ውስጥ ነው ያለው። «መጣች» ስል «እሷ» ማለት አያስፈልገኝም፤ «ች» ትበቃለች። «መጣን» ስል እኛ መሆናችን ተነግሯል። «ወሰዱት» የምትለው አንዲት ቃል ወሳጆቹንም ተወሳጁንም ይዛለች። እንግሊዝኛ ግን ይህን ሁሉ በየቃሉ በትኖ ከፊት ይደረድራል፤ ባለቤቱን በመጀመሪያ ካልጠራህለት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ተርጓሚ መጨረሻ ላይ የተቀመጠውን ግስ ሳያይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል መጻፍ አይችልም። ዓረፍተ ነገሩ ይነበባል፣ ግሱ ይደረስበታል፣ ማን፣ ምን፣ አዎ ወይስ አይደለም የሚለው ከግሱ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ፊት ተመልሶ ይጻፋል። ይህን ያህል ነው ምስጢሩ። ለአስተዋይ ሰው የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነው።

አራሚው ግን እስከ ግሱ ለመጠበቅ ትዕግሥት አልነበረውም። አንድ ቀን ከሹፌሮቹ ጋር የሚጓዘው የኮንቮዩ አስተባባሪ «ወደ ጅግጅጋ የሚወስደውን መንገድ ዛሬ አልዘጉትም» ብሎ ላከ። መልእክት የሚገባበት የቢሮው ስልክ አራሚው እጅ ነበር። «ወደ ጅግጅጋ»፣ «መንገድ»፣ «ዛሬ»፤ ይህን አየና የቀረውን ከራሱ ጨመረ፤ አማፂያን የጅግጅጋን መንገድ ዛሬ ዘግተዋል ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ። «አል» እና «ም» ግሱን ከፊትና ከኋላ ጠብቀው ቆመዋል፤ አላያቸውም። «ዘጉ» የሚለውም ማንንም አልጠራም። እንዲህ ያለው «እነሱ» በአማርኛ ማንም ሊሆን ይችላል፤ ትራፊክ ፖሊስም፣ መንገድ ሠሪም። ደህና ተርጓሚ አድራጊውን ካላወቀ እንግሊዝኛውን ወደ ተደራጊ ያዞረዋል፤ መንገዱ ዛሬ አልተዘጋም ይላል፤ ያበቃል። አራሚው ግን ለግሱ አማፂ ሰጠው። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀይ መርፌ ጅግጅጋ ላይ ተከለ። ነገሩ እስኪጣራ የጫኑ መኪኖች በርበራ ላይ ቆሙ።

ስህተቱን ሳሳየው አራሚው ፈገግ አለ። «ዋናው ነገር ፍጥነት ነው» አለኝ። «አንቺ ነጠላ ፊደል ትቆጥሪያለሽ።»

«የቆጠርኳት ፊደል 'አይደለም' የምትለዋ ነች» አልኩት።

ትከሻውን ሰብቆ ሻዩን ጠጣ።

ከዚያ በኋላ ነው የሽማግሌው ነገር የመጣው።

ሰባት ከባድ መኪና ውጫሌ የጉምሩክ ግቢ ውስጥ ወረቀት እየጠበቀ ቆሞ ነበር። ከሹፌሮቹ መካከል ዕድሜያቸው የገፋ አንድ የናዝሬት ሰው ነበሩ። ከሁሉም በፊት መሪ የጨበጡ ናቸው፤ ሌሎቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ ሳይበሉ ማንም አይበላም። ወደ ቢሮ ሲመጡ ደግሞ በሩ ላይ አቧራቸውን ሳያራግፉ አይገቡም ነበር። በግድግዳው ካርታ ላይ ያሉትን መርፌዎች አንዴ አይተው «ልጄ፣ ይኼ ሰው ልብስ ሰፊ ነው እንዴ?» ብለውኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እወዳቸዋለሁ።

አስተባባሪው፣ የደሴ ሰው ነው፣ አመሻሽ ላይ «ጋሼ ትንሽ አሟቸዋል» ብሎ ጻፈ። ትልቁ ሹፌራችን ትንሽ ታመዋል ብዬ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ። በማግስቱ ጧት ሌላ መልእክት ገባ፤

«ከሌሊት ጀምሮ ሆዳቸውን ያማቸዋል። ምግብ አልበሉም። አሁን ተኝተዋል። ሐኪም ይፈልጋሉ።»

አራት ዓረፍተ ነገር፤ በአንዱም ውስጥ «ጋሼ» የለም። ለምን ይኖራል? ትናንት ተጠርተዋል። አማርኛ ተናጋሪ የተጠራን ሰው በየመስመሩ አይጠራም፤ ግሱ ይሸከመዋል። ለክብር ሲባል ደግሞ ግሱ በብዙ ቁጥር ሄዷል። «ተኝተዋል» አንድ የተከበረ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ሰውም ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱን የሚያውቀው የትናንቱን ያነበበ ነው። እንግሊዝኛ ክብር አያውቅም፤ ወይ «ሂ» ወይ «ዴይ» በል ይላል። እኔ «ሂ» ብዬ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ደግሞ «ትልቁ ሹፌር» ብዬ ጨምሬ፣ ሐኪም በአስቸኳይ ያስፈልጋል የሚለውን አስምሬበት ላክሁ።

አራሚው አሳመረው። «ትልቁ ሹፌር» የሚለውን አማርኛው ውስጥ የለም ብሎ ሰረዘ። «ሂ» የሚለውን ሁሉ «ዴይ» አደረገ። በኋላ እንደሰማሁት በማሻሻያው ኮርቶ ለጓደኛው «ነጠላና ብዙ እንኳ አትለይም» ብሎታል።

የኮሮና ወረርሽኝ ገና ያልበረደበት ጊዜ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሲያነብ ሰባት ሹፌር በአንድ ሌሊት ወድቀው ታዩት። ወዲያው ሁላችንንም ሰበሰበ። ከአፍንጫው በታች የነበረውን ጭምብል ወደ ላይ ሳበ።

«ሙሉ ኮንቮዩ ታሟል» አለ። «ወይ ወረርሽኝ ነው፣ ወይ ተመርዘዋል። በጦርነት ጊዜ ይህ ያጋጥማል።»

«የታመመው አንድ ሰው ነው» አልኩ።

ወደ እኔ ዞረ። «ወረቀቱ 'እነሱ' ይላል።»

«እኔ የጻፍኩት 'እሱ' ነው። ተቀይሯል።»

አራሚው ጎሮሮውን ጠረገ። «ግሱ ብዙ ቁጥር ነው» አለ። «ሰዋስው ነው። እኔ የፈጠርኩት አይደለም።»

«ለአክብሮት ነው» አልኩ። «በአማርኛ የሚከበር አንድ ሰው በብዙ ቁጥር ይነገራል።»

ሥራ አስኪያጁ እንደ ሕፃን ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «አንድ ሰው እንዴት ብዙ ይሆናል?»

ይህ ሰው የሁለት ዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማ ከጠረጴዛው ጀርባ ሰቅሏል። ወላሂ፣ የውጫሌ ሻይ ሻጭ ብጠይቅ ይገባታል። ሆኖም በትዕግሥት ማስረዳት ጀመርኩ። የትናንቱን መልእክት አወጣሁ፣ «ጋሼ» የሚለውን በጣቴ አሳየሁት። አራሚው አቋረጠኝ።

«ለምን እንጨቃጨቃለን? እንደውልና እንጠይቅ።»

ደወለ። ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አስተባባሪው አነሳ። አራሚው በዚያ በካፌ አማርኛው ጀመረ፤

«ሰላም ነው? ታመዋል?»

«አዎ፣ በጣም ታመዋል» አለ አስተባባሪው።

«ምግብ አልበሉም?»

«ኧረ ምንም አልቀመሱም።»

«ተኝተዋል?»

«ተኝተዋል፣ መነሳት አቅቷቸዋል።»

ሦስት ጥያቄ ጠየቀ፤ ሦስቱም የሚያጠራጥረውን ያንኑ ግስ መልሶ የሚያቀብል ነው። በዚህ ዓይነት አንድ ዝሆንም መንጋ ነው ማስባል ይቻላል። «ስንት ሰው ነው የታመመው?» ብዬ ወደ ስልኩ ስጠጋ ቀዩን ተጭኖ ዘጋው።

«ጨርሰናል» አለ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሮ በሚያምረው እንግሊዝኛው «ሁሉም» አለው።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ማንም አልሰማኝም። ሥራ አስኪያጁ ለለጋሾች ኢሜይል ይጽፋል፣ በርበራ ላይ ጭነት ያስቆማል፣ ለሁለት ሚኒስቴር ይደውላል። እንዲህ ያለ ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ጉንጩ ቀልቷል። ለሹፌሮቹ ትእዛዝ አወጣ፤ ሹፌሮች በሙሉ ከመኪናቸው እንዳይወርዱ፤ የጤና ቡድን ይመጣል። ይህን ወደ አማርኛ እንድመልስ አልጠየቀኝም። «አንቺ ዛሬ ስሜታዊ ነሽ» ብሎ ለአራሚው ሰጠው።

ወደ ግቢው ወጥቼ በራሴ ስልክ ለአስተባባሪው ደወልኩ። መስመሩ ተይዟል። ደጋግሜ ደወልኩ፤ ተይዟል። በኋላ እንደገባኝ ሥራ አስኪያጁ በየጊዜው እያስደወለ «አሁንስ እንዴት ናቸው?» ያስብል ነበር። «ያው ናቸው» ይላል አስተባባሪው። «ያው ናቸው» ብለው ይመዘግባሉ። ቀጥሎ ደግሞ አስተባባሪው ወደ ጉምሩክ ገብቶ ስልኩን ዘጋ። ያገኘሁት ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነው።

«ወንድሜ፣ ስንት ሰው ነው የታመመባችሁ?»

«ስንት ማለት?» አለኝ ግራ ገብቶት። «ጋሼ ናቸው እንጂ። ሌላው ሰላም ነው፤ እዚህ ተጎታቹ ሥር ጥላ ይዘን ሻይ እየጠጣን ነው።»

«እሳቸውስ?»

«መኪናቸው ውስጥ። እናንተው አይደላችሁ የከለከላችሁ?»

«ምን ብለን?»

መልእክቱን አነበበልኝ። የአራሚው አማርኛ ነው። «ከመኪና አይውረዱ። ሐኪም ይመጣል።»

ለብዙ ሰው «አትውረዱ» ነው የሚባለው፤ ልጅ ያውቀዋል። «አይውረዱ» አንድ የተከበረ ሰው ፊት ለፊት ሲለመን፣ ወይም ስለ እሱ ለሌላው ሲነገር ነው። አራሚው አንቱታ የሚባል ነገር የለም ብሎ ተከራክሮ፣ ሰባት ሰው አዝዣለሁ ብሎ የጻፈው ራሱ አንቱታ ሆኖ ተገኘ። ሹፌሮቹም በትክክለኛ አማርኛ አነበቡት፤ ጋሼ ከመኪና አይውረዱ። ጤነኞቹ ስድስቱ ነፋስ ይቀበላሉ፤ በሽተኛው በቀትር ፀሐይ የብረት ጋቢና ውስጥ ተዘግተዋል።

«ቢሮው ሐኪም ጠይቆ፣ አይንቀሳቀሱ ተብሎ ይሆናል አልን» አለ አስተባባሪው። «እሳቸውም 'ካሉ ይሁን' ብለው ተኝተዋል። እህቴ፣ ላባቸው ግን አይጣል ነው። በቀኝ በኩል ሆዳቸውን ሲነኳቸው ይጮኻሉ።»

«አሁኑኑ አውርዷቸው። መኪና ተከራዩና ወደ ሐርጌሳ አምጧቸው።»

«ትእዛዙስ?»

«ትእዛዙ ስለ እሳቸው አይደለም። የመጣው ይምጣ፣ በእኔ ስም አምጧቸው።»

ስልኩን ሳይዘጋ «ጋሼን አውርዱ! ኑ፣ አውርዱ!» ሲል ሰማሁት፤ በጠጠር ላይ የሚሮጡ እግሮችና የበር ድምፅም ሰማሁ። ለሥራ አስኪያጁ አልነገርኩትም። ብነግረው አራሚውን ይጠይቅ ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቅኋቸው። ከላንድክሩዘሩ ኋላ ወንበር ላይ ተጣጥፈው ነበር የመጡት፤ ሁለት ሹፌሮች ደግፈው አወረዷቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሲያዩኝ ለመቃናት ሞከሩ።

«ልጄ፣ ኮንቮዩን አስቆምኩት አይደል?» አሉኝ።

«እርስዎ አይደሉም ያስቆሙት፣ አባባ።»

ሐኪሙ ሶማሊኛና እንግሊዝኛ እንጂ አማርኛ አያውቅም። መሀላቸው ቆምኩ። መቼ ጀመረ ሲላቸው፣ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው «ትናንት ማታ እምብርቴ ላይ ጀመረና፣ ሲነጋ ወደዚህ ወርዶ፣ አሁን አላስነሳ አለኝ» አሉ። እስከ መጨረሻው ግስ ጠብቄ መለስኩለት። በእንግሊዝኛው የሚጀምረውም፣ የሚወርደውም፣ የማያስነሳውም ሕመሙ መሆኑን በየቦታው ጠራሁለት። ሐኪሙ ሆዳቸውን በቀስታ ተጭኖ ለቀቀ፤ ጋሼ አቃሰቱ። ትርፍ አንጀት ነው፣ ሊፈነዳ ደርሷል አለ። ወደ ቀዶ ጥገና ወሰዷቸው። ሁለቱ ሹፌሮች አንዱ ሲያማትብ አንዱ «ያ ረብ» እያለ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። አልሐምዱሊላህ፣ ጋሼ በሰላም ወጡ።

ቢሮው በዚያው ቀን ከሰዓት ጤነኞቹን ሹፌሮች የሚመረምር የጤና ቡድን ወደ ውጫሌ ልኮ ነበር። ቡድኑ ነጭ ልብሱን ለብሶ ሲደርስ እዚያ የቀሩት አራቱ ካርታ ይጫወታሉ።

ሥራ አስኪያጁ ለለጋሾች ሪፖርት ጻፈ። ሙሉ ዘመኑን «ማነው ያደረገው? ለእያንዳንዱ ግስ ባለቤት እፈልጋለሁ» ሲለኝ የኖረ ሰው፣ ራሱ ሲጽፍ የመጣለት «ሚስቴክስ ወር ሜድ» የሚል ሆነ። ስህተቶች ተሠርተዋል። በማን? እንግሊዝኛም ሲፈልግ ባለቤቱን መጣል ያውቅበታል። እንደውም ከእኛ ይብሳል፤ የእኛ ግስ ቢያንስ አንድ ይሁን ብዙ፣ ወንድ ይሁን ሴት ጥቂት ያሳብቃል።

አራሚው ይቅርታ የጠየቀ እንዳይመስላችሁ። በሳምንቱ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ሆስፒታል መጣ። እኔ ለጋሼ ሾርባ አምጥቼ አጠገባቸው ነበርኩ። በሩ ላይ ሆኖ ጮክ ብሎ፤

«እንዴት ነህ? ተሻለህ?» አላቸው።

የአባቱ እኩያ ናቸው። ከታመመ ሰው አልጋ ፊት ነው የቆመው። ብዙ ቁጥር ችግር እንዳመጣበት ሰምቷል፤ መፍትሔው ሽማግሌን «አንተ» ማለት መስሎታል። ጋሼ ጥቂት አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ዝቅ ባለ ድምፅ «ይኼ ልጅ ማንን ነው የሚጠይቀው?» አሉ።

«እርስዎን ነው።»

«እንግዲያው ደህና ናቸው በይልኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለስኩለት፤ «ዴይ አር ፋይን»። ብርቱካኑን አስቀምጦ ወጣ። የገባው አይመስለኝም።

ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ ደንብ አወጣ። ከዛሬ ጀምሮ ሹፌሮች በሚልኩት በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ የሹፌሩ ቁጥር ይጻፍ አለ። በቋንቋ ያቃተውን በቁጥር ሊያስተካክል። አስተባባሪው በስልክ «እህቴ፣ እንደ እስረኛ ልንቆጠር ነው?» አለኝ። ከዚያ ግን ሹፌሮቹ ተመካከሩና ደንቡን እስከ ጥፍሩ አከበሩት። «ሹፌር አንድ ነቃ። ሹፌር አንድ ፊቱን ታጠበ። ሹፌር ሦስት ሻይ ጠየቀ። ሹፌር ሦስት ስኳር አነሰው።» ሳልዘል ተረጎምኩት። ሥራ አስኪያጁ ከጧት እስከ ማታ ይህን ሲያነብ ከረመ። አራሚው እያንዳንዷን ሲያሳምር ከረመ። ዋናው ነገር፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ የሚለው፣ በስልክ በቀጥታ ወደ እኔ ይመጣ ነበር።

ውሌ ሲያልቅ አላደስኩም። ሥራ አስኪያጁ ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። በምትኬ ማንን አየህ ስለው አራሚው ለአዲስ ተርጓሚዎች ሥልጠና ሊሰጥ መሆኑን ነገረኝ፤ ርዕሱም ባለቤት ስለሌለው የአማርኛ ግስ ነው። መልካም ዕድል ብዬው ወጣሁ።

ጋሼ ቁስላቸው ከደረቀ በኋላ ወደ መሪያቸው ተመለሱ። በሐርጌሳ ሲያልፉ ቤቴ በር ላይ መኪናቸውን አቁመው ጥሩምባ ይነፉ ነበር። ጎረቤቶቼ በጩኸቱ ይማረራሉ፤ እኔ ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ እወጣለሁ። ከጋቢናው ሆነው፣ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ስለ ናዝሬት ቲማቲም ዋጋና ስለ ልጅ ልጆቻቸው ይነግሩኛል። አንድ ቀን ስለዚያ በሽታቸው ሳነሳባቸው እጃቸውን አወናጨፉ።

«ተይው ልጄ» አሉ። «እኔን ያናደደኝ ሕመሙ አይደለም። ስድስቱ ወርደው ሻይ ሲጠጡ ከመስኮት ማየቱ ነው።»

ማርሽ አስገብተው ወደ ውጫሌ መንገድ ሄዱ።